ስምዎን ማን ነበር ያሉኝ?

እስቲ በራሴ ላይ ከደረሰ አንድ አሳፋሪ ነገር ልጀምር። ባለፈው ዓመት በዜና አሰባሰብ ኮርስ ላይ በየሰፈራችን ካለ ችግር አንዱን መርጠን ዜና ሠርተን እንድንመጣ ታዘዝን። እኔ የውሃ ፈረቃን መረጥኩ። ከምኖርበት ቤት ቁልቁል ወረድ ብሎ አንድ ቦኖ አለ። ቢጫ ጀሪካኖች ከማለዳ ጀምረው ይሰለፋሉ፤ ቁልፉን የያዙት በሃምሳዎቹ መጨረሻ ላይ ያሉ አንድ ሰው ናቸው። ውሃ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ፣ በስንት ሰዓት እንደሚጠፋ፣ ሲጠፋ ሰው የት ሄዶ እንደሚቀዳ፣ ሁሉንም በትዕግሥት ነገሩኝ። አንድ ሰዓት ያህል አብረን ቆየን። የሚቀመጡበትን ዱካ ሳይቀር ለቀውልኝ ነበር።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ረቂቁን ለመምህራችን ሳሳይ "ይህቺን ቁጥር አረጋግጥ" ተባልኩ። እኔም ደስ እያለኝ ወረድኩ። ከሩቅ አየኋቸውና ድምፄን ከፍ አድርጌ "ጋሽ ታደሰ! እንደምን ሰነበቱ!" አልኩ። ሰውየው ቀና ብለው አዩኝና ወደ ጀሪካኑ ተመለሱ።

"ታደሰን ፈልገህ ከሆነ እዚህ ታደሰ የሚባል የለም።"

ወረፋ ላይ ከነበሩት ሴቶች አንዷ ሳቀች። እኔ ምኑን ከምን እንደማደርገው ጠፋኝ። ከዚያ ያሉት ነገር ግን ከሳቁ ይልቅ ቆረጠኝ። "ስሜን እንዲህ ካደረግኸው ያን ቀን የነገርኩህን ሁሉ ምን ብለህ ጽፈኸው ይሆን?" አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ቁጥሩንም ያን ቀን አልነገሩኝም። "ሥራ ይዣለሁ፣ ልጄ" ብለው በጨዋ ደንብ ሸኙኝ።

ስማቸው ማስረሻ ነው። ስማቸውን እንድጽፍ ፈቅደውልኛል፤ የአባታቸውን ስምና ሰፈሩን ግን ትቼዋለሁ። በዚህ ጽሑፍ የማስረዳችሁ ታዲያ ያን ቀን ምን እንደተበላሸና አሁን በምን መንገድ እንደማስተካክለው ነው። ለፈተና ስለሚሆን የማስታወስ ዘዴ ሳይሆን፣ አንዴ ያገኛችሁትን ሰው በሁለተኛው ቀን በስሙ ጠርታችሁ ደህና ሰላምታ ስለመስጠት ብቻ ነው የማወራው።

ስሙ የጠፋው መቼ ነው?

ወደ ቤት ስመለስ "ረሳሁት" እያልኩ ራሴን ስወቅስ ነበር። ነገሩን ረጋ ብዬ ሳስበው ግን አልረሳሁትም። መጀመሪያውኑ አልሰማሁትም። የመጀመሪያውን ቀን ላስታውሳችሁ። ቦኖው ጋ ስደርስ ሦስት ሰዎች ቆመው ነበር። ሦስቱም እየተከታተሉ እጃቸውን ዘርግተው ስማቸውን ነገሩኝ። እነሱ ስማቸውን ሲናገሩ እኔ በሆዴ "የጋዜጠኝነት ተማሪ ነኝ፣ የመጣሁት ለ..." የሚለውን እየደገምኩ ነበር። ጆሮዬ ድምፁን ተቀብሏል፤ ልቤ ግን ሌላ ቦታ ነበር።

ይሄ የኔ ብቻ ችግር አይደለም። ማልኮልም ብሬነር የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1973 ባወጣው ጥናት ሰዎችን አንድ ላይ አስቀምጦ በየተራ ቃል ጮክ ብለው እንዲያነቡ አደረገ። በኋላ የሰሙትን ቃላት እንዲናገሩ ሲጠየቁ በተለይ የጠፋባቸው የራሳቸው ተራ ሊደርስ ሲል ሌሎች ያነበቧቸው ቃላት ነበሩ። ሰው ተራው ሲቃረብ ሐሳቡ ሁሉ ወደ ራሱ ይሄዳል፤ ከጎኑ የሚባለውን ይሰማል ግን አያስቀምጠውም። የትውውቅ ሰዓት ማለት እኮ ይኸው ነው። እገሌ ስሙን ሲነግርህ ቀጥሎ ተናጋሪው አንተ ነህ።

በኛ አገር ደግሞ ሌላ ጣጣ ይጨመራል። የኛ ሰላምታ ረጅም ነው። "እንደምን አደሩ፣ ደህና ነዎት፣ ቤተሰብ ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን" እየተባለ ትከሻ ለትከሻ ሲነካካ፣ ስሟ መሐል ላይ አንዴ ብቻ ጠብ ትላለች። አንዳንዱም ስሙን ሲናገር ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ ስምን ጮክ ብሎ መናገር እንደ ኩራት ስለሚቆጠር ይመስለኛል። እኛም በይሉኝታ "ማን አሉኝ?" ብለን አንጠይቅም።

ስለዚህ የመጀመሪያው እርምት ቀላል ነው። ራሴን የማስተዋውቅበትን ዓረፍተ ነገር እመንገድ ላይ እጨርሰዋለሁ፤ ሰው ፊት ስቆም የማዘጋጀው ነገር እንዳይኖር ነው። ከተቻለ ደግሞ መጀመሪያ የኔን ስም እናገራለሁ። ያኔ ተራዬ አልፏልና የእሳቸውን ስም ስሰማ ጆሮዬ ባዶ ነው። ካልተሰማኝም እዚያው "ይቅርታ፣ ስምዎን በደንብ አልያዝኩትም" እላለሁ። በመጀመሪያው ደቂቃ ስም ማስደገም አያሳፍርም፤ የሚያሳፍረው በሁለተኛው ሳምንት ሲሆን ነው።

ትርጉም እያለው ለምን ይጠፋል?

እዚህ ላይ አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር አለ። የጋሽ ማስረሻን ፊት፣ ኮፍያቸውን፣ ሁለት ልጆች ዩኒቨርሲቲ እንዳስገቡ፣ ጉልበታቸውን እንደሚያማቸው ሁሉንም አስታውሳለሁ። የጠፋው ስማቸው ብቻ ነው። ሁላችሁም ይህ ደርሶባችኋል ብዬ እገምታለሁ። "ያቺ ጅማ የተማረችው፣ ወንድሟ ሹፌር የሆነው" እንላለን፤ ስሟ ግን የለም።

ይህንን በጥሩ ሙከራ ያሳዩት እ.ኤ.አ. በ1987 ማክዊኒና ባልደረቦቿ የተባሉ የእንግሊዝ ተመራማሪዎች ናቸው። በእንግሊዝኛ "ቤከር" የሚለው ቃል ያባት ስምም ይሆናል፤ ዳቦ ጋጋሪ ማለትም ነው። ለተሳታፊዎቹ የማያውቋቸውን ሰዎች ፊት እያሳዩ ከስምና ከሥራ ጋር አስጠኗቸው። ቃሉ ያው አንድ ቃል ሆኖ ሳለ፣ የሰውየው ሥራ ነው ተብሎ ሲነገራቸው ከፊቱ ጋር አብሮ ይያዝላቸዋል፤ ስሙ ነው ሲባሉ ግን ይጠፋቸዋል። ዳቦ ጋጋሪ ሲባል ዱቄቱ፣ ምድጃው፣ ሽታው ሁሉ አብሮ ይመጣልና ፊቱ የሚንጠለጠልበት ብዙ ነገር አለው። ስም ሲሆን ግን ባዶ ድምፅ ነው።

"የኛ ስም እኮ ትርጉም አለው!" የሚል ይኖራል። እውነት ነው። ተስፋዬ፣ ዘነበች፣ ማንያዘዋል፣ ጥሩነሽ ሲባል ቃሉ ራሱ ይናገራል። "ስምን መልአክ ያወጣዋል" የምንለውም ለዚህ ነው። ችግሩ ግን ትርጉሙን አለመስማታችን ነው። "ታደሰ" ሲባል ማን መታደስን ያስባል? ብዙ ጊዜ ከመስማታችን የተነሣ ቃሉ ተሟልጦ ድምፅ ብቻ ሆኗል። እኔም ከማስረሻ ታደሰ ያመጣሁት ለዚህ ነው። ያን ቀን ስማቸውን ከነገሩኝ ሦስት ሰዎች አንዱ ታደሰ ነበር። ሁለቱም ለኔ ድምፅ ብቻ ስለነበሩ ከሁለቱ የቀለለው ወደ አፌ መጣ።

የአማርኛ ስሞች ደግሞ መልካቸው ይመሳሰላል። ታደሰ፣ ታደለ፣ ተሾመ፣ ተገኘ በአንድ ዓይነት ፊደል ይጀምራሉ። ዘነበች፣ አበበች፣ ታደለች በአንድ ዓይነት ያልቃሉ። ስሙን በድምፁ ብቻ ከያዝነው የቤቱን ቁጥር ሳይሆን የመንደሩን ስም ብቻ እንደያዘ ሰው እንሆናለን፤ እዚያው አካባቢ እንደርሳለን፣ በሩን ግን እንስታለን።

መድኃኒቱ ትርጉሙን መልሶ ሕያው ማድረግ ነው። ለዚህም አገርኛ ጥያቄ አለን፤ "ስሙን ማን አወጣልዎት?" ይህ ጥያቄ ሰውየው ስሙን እንዲደግመው ያደርጋል፤ ከስሙ ጋር የሚሄድ ታሪክም ይሰጠኛል። ከዚያ ወዲያ ስሙ ባዶ ድምፅ መሆኑ ይቀራል።

አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። ካሣ፣ ምትኩ፣ ማስረሻ የሚባሉ ስሞች ብዙ ጊዜ የሚወጡት ቀድሞ የሞተ ልጅ ሲኖር ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለ ስም ስሰማ በሰው መሐል አልጠይቅም። ትርጉሙን በሆዴ ይዤ ዝም እላለሁ፤ እሱ ራሱ ለማስታወስ ይበቃል። ጋሽ ማስረሻ በሦስተኛው ቀን ራሳቸው ነገሩኝ። ከሳቸው በፊት የተወለደ ወንድማቸው በአራት ዓመቱ ሞቶ እናታቸው ሐዘን ላይ ሳሉ ነው እሳቸው የመጡት። "ሐዘኔን አስረሳኝ ብላ ነው" አሉኝ። እንግዲህ እኔ ታደሰ ብዬ የጠራሁት ይህንን ስም ነው።

ከአንድ ስብሰባ እስከ ሁለተኛው ሰላምታ

ከዚያ በኋላ የሞከርኩትን በአንድ ምሳሌ ላሳያችሁ። ዘንድሮ ስለ አንድ እድር ለመጻፍ ሄጄ ሦስት የኮሚቴ አባላት ጋር ተዋወቅሁ፤ ወይዘሮ ዘነበች፣ አቶ ምትኩ እና ሳሙኤል የሚባል በኔ ዕድሜ ያለ ጸሐፊ። (የነዚህን ሦስቱን ስም ለዚህ ጽሑፍ ቀይሬዋለሁ፤ የስሞቹ ዓይነት ግን ያው ነው።)

የኔን ስም ቀድሜ ተናገርኩ። ከዚያ አንድ በአንድ ተቀበልኳቸው። "ዘነበች" ሲሉኝ "ወይዘሮ ዘነበች፣ በክረምት ተወልደው ነው?" አልኳቸው። "ሐምሌ ነው፤ አዋላጇ ጎርፍ አላሳልፍ ብሏት ዘግይታ ነው የደረሰችው" ብለው ሳቁ። በቃ! ጎርፉንና የወይዘሮዋን ፊት አንድ ላይ ያዝኳቸው። የአቶ ምትኩን ስም ምክንያት አልጠየቅሁም። "የሰው ምትክ" የሚለውን ብቻ ይዤ ፊታቸውን በደንብ አየሁ። ሳሙኤል ሲለኝ ግን "እሺ" ብዬ አለፍኩት። ስሙ ቀላል ነው ብዬ ነው።

ቀጥሎ ማስታወሻ ደብተሬን አውጥቼ ስማቸውን ከነአባታቸው ስም ጻፍኩ። የፊደል ጥያቄ የምጠይቀው እዚህ ላይ ነው። በኛ ሙያ "ፀሐይ" በፀሐዩ ፀ ነው ወይስ በጸሎቱ ጸ፣ "ካሣ" በንጉሡ ሠ ቤት ነው ወይስ በእሳቱ ሰ ብሎ መጠየቅ ግዴታ ነው። ባለቤቱ የሚጽፍበት ፊደል ነው ትክክሉ። ጥያቄው ሌላም ጥቅም አለው፤ ስሙን ለሦስተኛ ጊዜ ያሰማናል። ሰውየውም "ይሄ ልጅ ስሜን በጥንቃቄ ሊጽፍ ነው" ብሎ ያምነናል። ከስሙ አጠገብ ደግሞ አንድ ነገር ብቻ እጽፋለሁ፤ እሱ ራሱ የነገረኝንና ገና ያላለቀ ነገር። ወይዘሮ ዘነበች "ልጄ የመጨረሻ ፈተና ላይ ናት" ብለውኛል። አቶ ምትኩ የእድሩን ድንኳን ሊያሰፉ ነው። ሳሙኤል ጋ ምንም አልጻፍኩም።

ስለያይ ሦስቱንም በስማቸው ተሰናበትኩ። ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ ሰዎቹ የሌሉበት ነው፤ ብዙዎቻችን የምንዘለውም ይህንን ነው። ታክሲ ውስጥ ደብተሬን ሳልከፍት ፊታቸውን አንድ በአንድ እያሰብኩ ስማቸውን ጠራሁ። ማታ ከመተኛቴ በፊት እንደገና፣ በማግስቱ ጠዋት እንደገና፣ ከሦስት ቀን በኋላ፣ ከዚያም ከሳምንት በኋላ። በጠቅላላው አምስት ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ግማሽ ደቂቃ ያህል ነው።

ለምን ክፍተቱ እየሰፋ ይሄዳል? ላንዳወርና ብዮርክ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1978 የሰው ስም በማስጠናት ይህንን ፈትሸዋል። ስሙን ከራስ ለማውጣት የሚደረገው ሙከራ መጀመሪያ ቶሎ፣ ከዚያ እየዘገየ ሲሄድ፣ በእኩል ክፍተት ከመሞከር የተሻለ ውጤት ሰጥቷል። ምክንያቱ ሲታሰብ ይገባል። የመጀመሪያው ሙከራ ከዘገየ ስሙ ጠፍቶ ይቆየናል፤ ሁሉም ሙከራ ከተቀራረበ ደግሞ ጭንቅላታችን ምንም አልደከመም። ትንሽ ሊጠፋ ሲል ፈልፍሎ ማውጣት ነው የሚያጠነክረው። ስለዚህ ደብተሩን ከፍቶ ስሙን ደጋግሞ ማንበብ ያን ያህል አይጠቅምም። መጀመሪያ ከራስ ማውጣት፣ ከዚያ በደብተሩ ማረጋገጥ ነው ትክክለኛው ቅደም ተከተል። ሳላረጋግጥ ብደጋግመው ደግሞ ታደሰን አምስት ጊዜ ደጋግሜ ማስረሻን ለዘላለም ማጥፋት ይመጣል።

ሁለተኛው ቀን

ከአሥራ ዘጠኝ ቀን በኋላ ወደ እድሩ ተመለስኩ። እዚህ ላይ ስሙን ማስታወስ ግማሹ ሥራ ብቻ ነው። ሰላምታው ራሱ ደንብ አለው።

አንደኛ፣ "አወቁኝ?" አልልም። ይህ የኛ አገር ክፉ ልማድ ነው። አንዳንዱ እጃችሁን ጨብጦ "እስቲ ማን ነኝ? ስሜን ንገሪኝ እስቲ!" እያለ በሰው ፊት ያስጨንቃል። እኔ ስሙን ያስታወስኩት በሥራ ነው፤ እሳቸው የኔን እንዲያስታውሱ ምንም ምክንያት የላቸውም። ስለዚህ ቀድሜ ራሴንና የተገናኘንበትን እናገራለሁ። ሁለተኛ፣ ስሙን በማዕረጉ እጠራለሁ። ሦስተኛ፣ ያቺን ያላለቀች ነገር እጠይቃለሁ።

ወይዘሮ ዘነበችን በር ላይ አገኘኋቸው። እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ወደ አፌ የመጣው "አበበች" ነበር። ግን ስሙ ብቻውን መጣ፤ ምንም ምስል ይዞ አልመጣም። ለኔ ምልክቱ ይሄ ነው። ስም ቶሎ መጥቶ ታሪክ ካላስከተለ ጎረቤቱ ነው የመጣው። ትንሽ ቆም ብዬ ፊታቸውን ሳይ ጎርፉ ትዝ አለኝ። "ወይዘሮ ዘነበች፣ እንደምን ሰነበቱ? የጋዜጠኝነት ተማሪው ነኝ፣ የዛሬ ሦስት ሳምንት ገደማ ስለ እድሩ ያነጋገርኩዎት። ልጅዎ ፈተናውን ጨረሰች?" ፊታቸው በራ። "ጨረሰች፣ ተመስገን! ግባ እንጂ" አሉኝ።

እዚህ ላይ ሙቀቱ የመጣው ከስሙ ብቻ እንዳልሆነ ልብ በሉ። ስሙ "አልጠፉኝም" ይላል፤ ጥያቄው ደግሞ "የነገሩኝን ሰምቻለሁ" ይላል። ስሙን ብቻ ደጋግሞ መጥራት ግን የሻጭ ንግግር ይመስላል። በአንድ ጨዋታ ውስጥ መግቢያ ላይ አንዴ፣ መሰነባበቻ ላይ አንዴ ይበቃል። የምጠይቀው ነገርም ሰውየው ለብቻ የነገረኝ ከሆነ በሰው ፊት አላነሣውም። የጉልበት ሕመምን ወረፋ ፊት መጠየቅ ፍቅር ሳይሆን ወሬ ማውጣት ነው። አቶ ምትኩን ስለ ድንኳኑ ጠየቅኋቸው፤ እሱ የሁሉም ጉዳይ ነው።

ሲጠፋስ?

ሳሙኤል ላይ ወደቅሁ። በሩን ከፍቶ ሲገባ ፊቱን በደንብ አወቅሁት፤ ስሙ ግን ዳንኤል ይሁን ሳሙኤል፣ ሚካኤል ይሁን ገብርኤል ጠፋኝ። ያለ ምክንያት አይደለም። ዘነበች ላይ የሠራሁትን ሳሙኤል ላይ አልሠራሁም፤ ቀላል መስሎኝ ነበር። እንዲህ ያሉ ስሞች ትርጉማቸው በዕብራይስጥ እንጂ ባማርኛ አይሰማም፤ ጅራታቸውም አንድ ዓይነት ነው። ስለዚህ የትርጉሙ መንገድ እዚህ አይሠራም። የሌላ አገራችን ቋንቋ ስም ሲሆን ግን ትርጉሙን መጠየቅ ይቻላል። ጫልቱ ማለት "የምትበልጥ" እንደሆነ የነገረችኝ የክፍላችን ልጅ ናት፤ ከዚያ ወዲህ ያን ስም ረስቼው አላውቅም።

ለነሳሙኤል አሁን የማደርገው ሌላ ነው። ያንኑ ስም የያዘ የማውቀውን ሰው አስባለሁ። ሁለቱን በሐሳቤ ጎን ለጎን አቁሜ በምን እንደሚለያዩ አያለሁ። የአጎቴ ልጅ ሳሙኤል ረጅምና ዝምተኛ ነው፤ የእድሩ ሳሙኤል አጭርና ተጫዋች ነው። አለቀ።

ያን ቀን ግን ይህን አልሠራሁምና መውጫ ያስፈልገኝ ነበር። እንደምታውቁት ባህላችን ጥሩ መደበቂያ ሰጥቶናል። ስም ሲጠፋ ታላቁን "ጋሼ"፣ "እትዬ"፣ አሮጊቷን "እማማ"፣ እኩያውን "ወንድሜ" ብሎ ማለፍ ይቻላል፤ ሞቅም ይላል። እኔም ስንት ጊዜ ተደብቄበታለሁ። መንገድ ላይ ላገኘሁት ሰው ይበቃል። ግን መደበቂያው ራሱ ነው ስም እንዳንይዝ ያስለመደን። ደግሞም ለጋዜጠኛ አይበቃም፤ "ወንድሜ እንደገለጸው" ተብሎ ዜና አይጻፍም።

ስለዚህ እዚያው፣ ጨዋታው ሳይሞቅ ተናገርኩ። "ይቅርታ አድርግልኝ፤ ባለፈው መዝገቡን ያሳየኸኝ አንተ ነህ፣ ስምህ ግን አመለጠኝ" አልኩት። ሳቀና "ሳሙኤል። እኔም ያንተን ረስቼዋለሁ" አለኝ። ልብ በሉ፣ ስሙ ቢጠፋኝም ሰውየው እንዳልጠፋኝ መጀመሪያ አሳየሁ። ይህ ቅደም ተከተል ከተጠበቀ ሰው አይቀየምም። ከመገመት መጠየቅ ይሻላል የምለው ጋሽ ታደሰ ብዬ ያየሁትን ስላየሁ ነው። ስም ረሳሁ ማለት ትንሽ ያሳፍራል፤ በሌላ ሰው ስም መጥራት ግን "አንተ ለኔ ከሌሎቹ አትለይም" ማለት ይሆናል።

ወደ ቦኖው ልመለስ። በሦስተኛው ቀን ስሄድ ወረፋው እስኪቃለል ጠበቅሁ። ቀርቤም "ጋሽ ማስረሻ፣ ያን ቀን በሰው ስም የጠራሁዎት ተማሪ ነኝ፤ ይቅርታ ልጠይቅ ነው የመጣሁት" አልኳቸው። ደብተሬን ከፍቼ ስለ ውሃው የነገሩኝን ሁሉ አነበብኩላቸው። አንድ ቦታ ላይ አቋረጡኝ። በሳምንት ሦስት ቀን ብዬ የጻፍኩት ሁለት ቀን ነበር። ሦስተኛው ቀን ውሃው የሚመጣው ሌሊት ነው፤ ቦኖው ደግሞ ሌሊት ዝግ ነው። መምህራችን አረጋግጥ ያሉኝ ቁጥር ይህ ነበር። በስሙ አልተሳሳቱም፣ ጋሽ ማስረሻ፤ ሌላውንም አበላሽቼው ነበር።

ዜናው ታርሞ ገባ። አሁን ባለፍኩ ቁጥር ቆም ብዬ ሰላም እላቸዋለሁ፤ የመጨረሻ ልጃቸው ዘንድሮ ተመራቂ ናት። እሳቸው ግን እስከ ዛሬ "ና እንጂ ጋዜጠኛው" ነው የሚሉኝ። ስሜን አያውቁትም፤ እኔም "እስቲ ማን ነኝ?" ብዬ አላስጨንቃቸውም።